ለጅማ የካሳ ፋይል አዘጋጆች፦ የሐኪሙን ወረቀት በቀን ሳይሆን በጭብጥ አጠቃልሉት

በጅማ ለምትሠሩ ጠበቆችና የጠበቃ ረዳቶች፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ ለምትሰጡ፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ አቤቱታ ለምትጽፉ፣ ለኢንሹራንስ የካሳ ክፍል ሠራተኞች፣ እንዲሁም ለሐኪሞች ቦርድ አባላት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔም እንደ እናንተው ፋይል ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ፋይል ውስጥ ያሉትን የሐኪምና የባለሙያ ወረቀቶች ስለምናጠቃልልበት መንገድ።

አብዛኛው በእጄ የሚገባው ማጠቃለያ እንዲህ ይላል፦ በዚህ ቀን ሆስፒታል ገባ፣ በዚህ ቀን ራጅ ተነሣ፣ በዚህ ቀን ጀሶ ታሰረለት፣ በዚህ ቀን ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ቦርዱ 25 ከመቶ ሰጠው። አለቀ። ይህ የቀን መዝገብ ነው። ዳኛ ግን በቀን አይወስንም፣ በያዘው ጭብጥ ነው የሚወስነው። ጉዳቱን ያደረሰው ይህ አደጋ ነው ወይ? ተጎጂውስ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ አለው ወይ? ጉዳቱ ምን ያህል ነው፣ ምን ያህሉ ጊዜያዊ፣ ምን ያህሉ ቋሚ ነው? ወደፊትስ የማይቀር ወጪ አለ ወይ? ማጠቃለያው ለእነዚህ ካልመለሰ ጠበቃው ክርክሩ ላይ ቆሞ ሠላሳ ገጽ ሲያገላብጥ ይታያል። ያን ጊዜ ደግሞ የሌላው ወገን ጠበቃ ወረቀቱን ቀድሞ አንብቦት ነው የሚመጣው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ጉዳዩን ከብዙ ፋይል አውጣጥቼ ነው የሠራሁት፣ የማንም ሰው ታሪክ አይደለም። የ34 ዓመት አናጢ ነው። ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ሲሄድ አይሱዙ ገጨው። የቀኝ እግሩ ቅልጥም ሁለቱም አጥንቶች ወደ ታች ጫፋቸው ጋ ተሰበሩ። ቆዳው አልተቀደደም። ጀሶ ታሰረለትና ወደ ቤቱ ተመለሰ። በአምስተኛው ሳምንት ጀሶውን አስፈትቶ ወጌሻ ዘንድ ሄደ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት እግሩ ጠሞ ወደ ሆስፒታል ተመለሰ፣ ኦፕራሲዮን ሆኖ አጥንቱ ውስጥ ረጅም ብረት ገባለት። በዓመቱ ሐኪሞች ቦርድ ቀረበ። ከአደጋው በፊት በወር 8,000 ብር ገደማ ያገኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ፋይል የማያውቅ ከእናንተ መካከል የለም። አሁን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ የድንገተኛ ክፍል ካርዱ። ከሁሉም ወረቀት በፊት የተጻፈ ስለሆነ ክብደቱ ትልቅ ነው። ካርዱ ላይ ቀኑ 20/01/23 ይላል፣ ሰዓቱ ደግሞ 2:40። እዚህ ላይ ነው ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልገው። ሐኪሙ የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን 2023 ማለት ጥር 12 ቀን 2015 ነው፣ ማለትም አደጋው የደረሰበት ቀን። ከሰዓት በኋላ 2:40 ሲል ደግሞ በእኛ ከቀኑ 8:40 ነው፣ አደጋው ከደረሰ አርባ ደቂቃ በኋላ። ይህን ያላስተዋለ ሰው ማጠቃለያው ላይ "ጥር 20 ቀን ሆስፒታል ቀረበ" ብሎ ይጽፋል። በቃ፣ ስምንት ባዶ ቀን ተፈጠረ። የተከሳሹ ጠበቃ ወዲያው "አደጋው ጥር 12 ደረሰ፣ ሕክምናው ጥር 20 ነው፣ በእነዚህ ስምንት ቀናት ሌላ ቦታ ወድቆ ላለመሰበሩ ምን ማስረጃ አለ?" ይላል። ሰዓቱንም እንዳለ ከገለበጣችሁት ሰውየው ከመገጨቱ ከአምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በፊት የታከመ ይመስላል። ፖሊስ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ሆስፒታል በፈረንጅ ይጽፋል፣ ፋይሉ ውስጥ ሁለቱ ተደባልቀው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ማጠቃለያ ላይ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፉ፦ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ አጠገቡ ወደ እኛ አቆጣጠር የተቀየረውን። የተቀየረውን ብቻ አትጻፉ፣ ምክንያቱም አቀያየራችሁን ሌላ ሰው ማጣራት መቻል አለበት።

ቀኑ ለይርጋም ወሳኝ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳቱ የወንጀል ድርጊት ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፣ ግን በዚያ ላይ ተማምኖ መቀመጥ ጥሩ አይደለም። የቦርድ ወረቀት እስኪመጣ እየተባለ ጊዜው የሚያልቅባቸው ሰዎች አሉ። የማጠቃለያው የመጀመሪያ መስመር ላይ የአደጋው ቀንና ሁለት ዓመቱ የሚሞላበት ቀን ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ እዚህ ፋይል ላይ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ይሆናል ማለት ነው።

ከካርዱ ሳንወጣ ሌላ ነገር አለ። ካርዱ ላይ "በመኪና ተገጭቶ" የሚል ካለ ሐኪሙ አደጋውን አየ ማለት አይደለም። ታካሚው ወይም ያመጣው ሰው የነገረውን ነው የጻፈው። ከዚያ ዝቅ ብሎ "የቀኝ እግር አብጧል፣ ቅርጹ ተበላሽቷል፣ ራሱን አልሳተም" ሲል ግን ራሱ ያየውን ነው። ከዚያም "ስብራቱ በጠንካራ ግጭት የመጣ ነው" ካለ አስተያየቱን እየሰጠ ነው። የተሰማ፣ የታየ፣ የተገመተ፤ ሦስቱ ለየቅል ናቸው። ማጠቃለያው ውስጥ ሦስቱን ካደባለቃችሁ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ሐኪሙ "እኔ አደጋውን አላየሁም" ያለ ጊዜ ያ ሁሉ የጻፋችሁት አብሮ ይወድቃል። ለይታችሁ ከጻፋችሁት ግን የተሰማውን በምስክርና በፖሊስ ወረቀት ታስረዳላችሁ፣ የታየው ደግሞ ብቻውን ይቆማል።

አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ካርድ "ተገጭቶ"፣ ሌላው "ከባጃጅ ወድቆ" ይላል። ያመጣው ሰው የተናገረው ይሆናል፣ ተረኛው በጥድፊያ የጻፈው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር አትደብቁት። ለራሳችሁ ጠበቃ በምትሰጡት ማጠቃለያ ላይ በግልጽ አስፍሩት፣ ገጹንም ጥቀሱ፤ ጠበቃው አስቀድሞ ያመጣውን ሰው ለምስክርነት ሊያዘጋጅ ይችላል። በክርክር መሀል ከሚያገኘው ከእናንተ ቢሰማው ይሻላል። ግራና ቀኝም እንዲሁ ነው። ራጁ ላይ ያለውን ምልክት ከካርዱ ጋር ሳታስተያዩ "ቀኝ" ብላችሁ አትለፉ።

አሁን ወደ ወጌሻው። ይህ የፋይሉ እምብርት ነው። ተከሳሹ መልሱ ላይ "ጉዳቱን ያባባሰው ራሱ ነው፣ ጀሶውን አስፈትቶ ወጌሻ አሸው" ማለቱ አይቀርም። ሕጉም በር ይከፍትለታል። ቁጥር 2098 ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ካሳውም ከፊል ይሆናል ይላል። በቀን የተጻፈ ማጠቃለያ እዚህ ላይ የሚለው "መጋቢት 29 ወጌሻ ዘንድ ቆይቶ ተመለሰ፣ ኦፕራሲዮን ተደረገለት" ብቻ ነው። ያነበበ ሁሉ ኦፕራሲዮኑን ያመጣው ወጌሻው ነው ብሎ ይደመድማል።

በጭብጥ ስታዩት ግን ጥያቄው አራት ቦታ ይከፈላል። ስብራቱን ያመጣው ምንድን ነው? አደጋው ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ራጅ ያሳያል፣ እዚህ ላይ ወጌሻ የለም። አጥንቱ በአሥራ አንደኛው ሳምንት አለመግጠሙስ? ይህ በራሱ የወጌሻ ማስረጃ አይደለም። የአዋቂ ሰው ቅልጥም ለመግጠም ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል፣ የታችኛው ሲሶው ደግሞ ደም በደንብ ስለማይደርሰው የዘገየ መግጠም እዚያ የተለመደ ነው። መጥመሙስ? እዚህ ላይ ጀሶው ያለጊዜው መፈታቱ አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል። የቁርጭምጭሚቱ መድረቅ ደግሞ ከስብራቱም፣ ከረጅም ጊዜ እስራትም፣ ከመጥመሙም ሊመጣ ይችላል። እንግዲህ የተጎጂው ድርሻ አለ ቢባል እንኳ የሚመለከተው አንዱን ክፍል ነው እንጂ ጉዳቱን በሙሉ አይደለም። ይህን ለዳኛው የሚያሳየው ወረቀቱን በጭብጥ ከፍሎ ያጠቃለለ ሰው ነው።

ግን ተጠንቀቁ፤ ከላይ ስለ ደም ዝውውሩና ስለ ወራቱ ያልኩትን እናንተ በራሳችሁ ቃል ማጠቃለያ ውስጥ አትጻፉት። እኛ ሐኪም አይደለንም። የእኛ ሥራ ሪፖርቱ ይህን ይላል ወይስ አይልም የሚለውን መለየት ነው። የኦፕራሲዮኑ ማስታወሻ "የዘገየ መግጠምና መጥመም፣ በወጌሻ ታሽቷል" ብቻ ብሎ ካቆመ፣ ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አመጣ አላለም። ማጠቃለያው እንዲህ መጻፍ አለበት፦

"ጭብጥ፦ ተጎጂው ለጉዳቱ መባባስ አስተዋጽኦ አለው ወይ? ሰነድ፦ የኦፕራሲዮን ማስታወሻ፣ ገጽ 14፣ 07/04/23 (መጋቢት 29 ቀን 2015)። የሚለው፦ አጥንቱ አልገጠመም፣ ጠሟል፤ በወጌሻ የመታሸት ታሪክ አለው። ዓይነቱ፦ አለመግጠሙና መጥመሙ የታየ፣ መታሸቱ ከታካሚው የተሰማ። የማይለው፦ መጥመሙን ወጌሻው አመጣው አይልም፤ ወጌሻ ባይሄድ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም ነበርም አይልም። የሚጠየቀው፦ ለቀዶ ሐኪሙ በጽሑፍ፣ ጀሶው እስከ መጨረሻው ቢቆይ ኖሮ ኦፕራሲዮን ሊቀር ይችል ነበር ወይ?"

ያ "የማይለው" የሚለው መስመር ከሁሉም በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ሪፖርት ሲጠቃለል የሚሞተው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። "ሊሆን ይችላል" ያለውን "ነው" እናደርገዋለን፣ "አብሮ ታይቷል" ያለውን "አመጣው" እናደርገዋለን። ጥያቄው ለሐኪሙ ተልኮ መልሱ ለእናንተ የማይመች ሆኖ ቢመጣስ? ቢመጣ ይምጣ፣ ክስ ከመመሥረታችሁ በፊት ማወቃችሁ የምትጠይቁት የካሳ መጠን ከመጀመሪያው በልኩ እንዲቆረጥ ያደርጋል።

ስለ ትራፊክ ፖሊሱ ፕላንና ስለ ተሽከርካሪው የቴክኒክ ምርመራ በአጭሩ ልበል። የፍሬን ምርመራ ላይ ሁለት ገጽ የሚፈጅ ማጠቃለያ አያለሁ። ክሱ በመኪናው ባለቤት ላይ ከሆነ ቁጥር 2081 ባለቤቱን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል፣ ቁጥር 2086 ደግሞ "ጥፋት የለብኝም" ወይም "ሌላ ሰው ነው ያጠፋው" ብሎ እንዲያመልጥ አይፈቅድለትም። የሚያድነው የተጎጂው ጥፋት ብቻ ነው፣ እሱም እንደ ድርሻው። ስለዚህ ከፕላኑ ላይ ነቅሳችሁ የምታወጡት ተጎጂው የቆመበትን ቦታ ነው። የግጭቱ ነጥብ ከአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ፣ ስንት ሜትር፣ ልኬቱን ማን ለካው፣ መኪናው ከቆመበት ሳይነሣ ነው ወይስ ከተነሣ በኋላ? ነጥቡ ከአስፋልቱ ውጭ ከሆነ "ድንገት ገባብኝ" የሚለው መልስ ይዳከማል። የፍሬኑ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሾፌሩም አብሮ ከተከሰሰ ግን ጥፋቱን ማስረዳት ስለሚያስፈልግ ያኔ ሰፋ አድርጉት።

አሁን ብዙ ገንዘብ ወደሚያወዛግበው እንምጣ፣ ወደ ቦርዱ መቶኛ።

የአናጢያችን የቦርድ ወረቀት "ቋሚ የአካል ጉዳት 25 ከመቶ" ይላል። የምን 25 ከመቶ? የእግሩ ነው ወይስ የመላ አካሉ? ወረቀቱ ዝም ካለ ማጠቃለያውም ዝም ብሎ "25 ከመቶ" ብሎ ያልፋል፣ ክሱም በዚያው ይሰላል። ልዩነቱ ትንሽ አይምሰላችሁ። በብዙ አገር በሚሠራበት የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ የእግር ጉዳት ወደ መላ አካል ሲቀየር በ0.40 ይባዛል። የእግር 25 ከመቶ የመላ አካል 10 ከመቶ ይሆናል ማለት ነው። በገንዘብ ስናየው፣ አናጢው በዓመት 96,000 ብር ያገኝ ነበር። 25 ከመቶው 24,000፣ 10 ከመቶው 9,600 ብር ነው። ለ20 ዓመት የሥራ ዘመን ምንም ሳንቀንስ ብናባዛው አንዱ 480,000፣ ሌላው 192,000 ብር ይመጣል። በመሀላቸው 288,000 ብር አለ፣ የአንድ ቤተሰብ የሦስት ዓመት ገቢ።

እባካችሁ ይህን ስሌት በራሳችሁ ሠርታችሁ ማጠቃለያ ውስጥ አታስገቡ፤ ቦርዱ የትኛውን መመሪያ እንደተከተለ ሳይጠየቅ በ0.40 ማባዛት ራሱ ስሕተት ነው። ወደ ቦርዱ ሄዶ መጠየቅ ነው ያለው። እኔ እንዲህ ባለ ጉዳይ አንድ የቦርድ አባል አግኝቼ "ዶክተር፣ ይህ መቶኛ የእግሩ ነው ወይስ የመላ አካሉ?" ብዬ ጠየቅሁ። "የእግሩ ነው፣ ማን ጠይቆን ነው የምንጽፈው?" አሉኝ። ትክክል ናቸው። የላክንላቸው ደብዳቤ "የጉዳት መጠን ይገለጽልን" ብቻ ነበር የሚለው፣ እሳቸውም የተጠየቁትን መለሱ።

ስለዚህ ለቦርድ የሚጻፈው የትብብር ደብዳቤ ላይ የሚከተለው ይጠየቅ፦ መቶኛው የየትኛው አካል ነው፣ በየትኛው መመሪያ ተሰላ፣ ምን ተለክቶ ነው የተገኘው፣ ሕክምናው አልቋል ወይስ ጉዳቱ ገና ሊሻሻል ወይም ሊብስ ይችላል፣ ከአደጋው በፊት የነበረ ሕመም ተቀንሶለታል ወይ፣ ጉዳቱስ ከሥራው የትኛውን ነገር ይከለክለዋል? ፍርድ ቤት ራሱ ቦርዱን ሲጽፍም ጠበቃው እነዚህ ጥያቄዎች ትእዛዙ ውስጥ እንዲገቡ ማመልከት ይችላል። የቦርድ አባላት ሆይ፣ እናንተም ይህን ሳትጠየቁ ብትጽፉልን ብዙ ቀጠሮ ይቀንሳል። ወረፋችሁ ስንት እንደሆነ እናውቃለን። ግን አንዲት መስመር፣ "የቀኝ እግር 25 ከመቶ" የምትል፣ ስንት ወር ክርክር ታስቀራለች።

የመጨረሻዋ ጥያቄ፣ የሥራው ነገር፣ ተነጥላ መታየት አለባት። የአካል መቶኛና የገቢ መቀነስ አንድ አይደሉም። ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል እንጂ ከመቶኛው ጋር እኩል ይሁን አላለም። የአናጢው የቦርድ ወረቀት ዝቅ ብሎ በእጅ ጽሑፍ "ቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ 5 ዲግሪ ብቻ ይታጠፋል፣ እግሩ 2 ሳንቲ ሜትር አጥሯል" ይላል። የጤነኛ ሰው ቁርጭምጭሚት ወደ ላይ እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል። አምስት ዲግሪ ያለው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሒሳብ ሊሠራ ይችላል። ቁጢጥ ብሎ ወለል መምታት፣ መሰላል ላይ ቆሞ ኮርኒስ ማንሣት፣ ጣውላ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። መቶኛው 10ም ይሁን 25 የአናጢው ገቢ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ለቢሮ ሠራተኛ ደግሞ ምንም ላይወርድ ይችላል። እና ይህች በእጅ የተጻፈች መስመር፣ ብዙ ማጠቃለያ የሚዘልላት፣ ከመቶኛው በላይ ትናገራለች። ልኬቱን እንዳለ አስፍሩት። አጠገቡ የፊዚዮቴራፒ ማስታወሻው ስለ መቆም፣ ስለ መራመድ፣ ስለ ሸክም የሚለውን አስቀምጡ። ከዚያ ስለ ሥራው የሚመሰክሩትን፣ አብሮት የሚሠራ አናጢንና አሠሪውን፣ በዚሁ ጭብጥ ሥር አስገቡ። ሐኪሙ "አይታጠፍም" ይላል፣ የሥራ ባልደረባው "ያለዚያ ወለል አይመታም" ይላል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀመጡ ነው ዳኛው የገቢውን መቀነስ የሚያየው። መጠኑ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ይፈቅድለታል፣ ግን ለርትዕም የሚያርፍበት ነገር ያስፈልገዋል።

ጊዜያዊው ላይ አንድ ጥንቃቄ። የመስከረም 2016 የክትትል ካርድ "ቀላል ሥራ መጀመር ይችላል" ይላል። ከጥር እስከዚያ ስምንት ወር ገደማ ሙሉ ገቢው ቀርቷል፣ 64,000 ብር። ቋሚውን ገቢ መቀነስ ግን ከአደጋው ቀን ጀምራችሁ ካሰላችሁት እነዚያ ስምንት ወራት ሁለት ጊዜ ተቆጠሩ። ማጠቃለያው ጊዜያዊው የት ላይ እንደሚያልቅ በቀንና በገጽ ካሳየ ስሌቱ አይደራረብም። ካርድ የሌለበት ወር ካለም "ከዚህ እስከዚህ የሐኪም ወረቀት የለም" ብላችሁ ጻፉት።

የወደፊት ወጪው ብረቱን ማስወጣት ነው። ቁጥር 2092 ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል ይላል። የመውጫ ማጠቃለያው ግን "ብረቱን ማውጣት ሊታሰብ ይችላል" ይላል። ሊታሰብ የሚችልና የማይቀር በጣም ይራራቃሉ። ለሐኪሙ ጻፉለት፦ ይወጣል ወይስ አይወጣም፣ መቼ፣ ወጪው ስንት ይገመታል? መልሱ "ካላስቸገረው አይወጣም" ከሆነ ይህን የካሳ ዓይነት ከክሱ አውጡት።

ስለ ሥቃይ ደግሞ ገጽ አታብዙ። ስሜታችሁ ይገባኛል፣ ታካሚው ሌሊት እያለቀሰ እንዳደረ የተጻፈበት የነርስ ማስታወሻ ማንንም ይነካል። ነገር ግን ቁጥር 2116 የሞራል ካሳን ከ1,000 ብር አያሳልፍም። ሕጉ የ1952 ዓ.ም. ነው፣ ገደቡ ዛሬም እዚያው ነው። ይህ እኔን ያናድደኛል፣ መቀየርም አለበት ባይ ነኝ፤ እስከዚያ ግን የነርስ ማስታወሻውን በሁለት መስመር ጻፉና ጉልበታችሁን ገቢው ላይ አውሉት።

የቋንቋውን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፣ በተለይ እኛ ጅማ ላይ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ፍርድ ቤታችን በአፋን ኦሮሞ ይሠራል፣ ተጎጂው ምናልባት ከእናንተ ጋር የሚያወራው በአማርኛ ነው፣ የኢንሹራንሱ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጦ የአማርኛ ደብዳቤ ይጠብቃል። አንዲት የሐኪም ቃል ሦስት እጅ ታልፋለች። ማጠቃለያው ከትርጉሙ ላይ ከተሠራ የተርጓሚው ስሕተት የእናንተ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ሁልጊዜ ከዋናው ካርድ ላይ ሥሩ፤ ወሳኝ የሆነችውን የሐኪሙን ዓረፍተ ነገር በዋናው ቋንቋ እንዳለች ገልብጡና ትርጉሙን ከሥሯ አኑሩ። የእጅ ጽሑፉ ካልተነበበ በግምት አትሙሉ፣ "አልተነበበም፣ ገጽ 9" ብላችሁ ለሐኪሙ ውሰዱለት። ካርድ ክፍሎችም የፋይሉን ሙሉ ኮፒ ስጡን፣ የመውጫ ማጠቃለያውን ብቻ አትስጡን። የወጌሻውም፣ የሁለት ሳንቲ ሜትሩም ነገር ያለው በመሀል ገጾቹ ላይ ነው።

ለማጠቃለያ የምጠቀምበትን ባዶ ቅጽ የሚፈልግ ካለ በነጻ እሰጣለሁ። ገጹን፣ ሁለቱንም ቀን፣ የታየ ወይም የተሰማ መሆኑን፣ የማይለውንና የሚጠየቀውን መሙያ ቦታ አለው። የቦርዱን የትብብር ደብዳቤ ረቂቅ ደግሞ የቦርድ አባላት አይተው ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል፤ ምን ሊመለስ እንደሚችልና ምን እንደማይቻል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጅማ የፋይል አዘጋጅ